ምሳ በሰባት ሰዓት፣ ጋዝ በአሥራ ሁለት

ከቅበላ ማግሥት የብዙ ቤት ማዕድ በአንድ ሌሊት ይለወጣል። እሑድ ዶሮና ዓይብ የቀረበበት ገበታ ሰኞ ሽሮ ይዞ ይመጣል፤ ማክሰኞ ምስር ወጥ፣ ረቡዕ ክክ አልጫ፣ በመሐል የባቄላ ቆሎ፣ ማታ ንፍሮ። የዘወረደ ሳምንት ሳይጋመስ ሆዱ ያልተነፋ፣ ቀበቶውን ያላላላ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ምክንያት ሲፈለግ ደግሞ ጣት ቶሎ የሚቀሰረው ወደ ጨጓራ ነው። «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይባልና ፋርማሲ ተኪዶ የአሲድ መድኃኒት ይገዛል። መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ንፋቱን እምብዛም አይነካውም። ጨጓራ እዚህ ነገር ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው ምግቡ ከጨጓራ ወጥቶ ትንሹን አንጀት ከዳር እስከ ዳር ካቋረጠ በኋላ፣ ሰውየውም ምሳውን ከረሳ ከሰዓታት በኋላ ነው።

ነገሩን ለማየት የሚቀለው አንድ ሳህን ምስር ወጥ ተከትሎ መሄድ ነው። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ተበላ እንበል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወጥ 70 ግራም ያህል ደረቅ ምስር ቢፈጅ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ስታርችና ፕሮቲን ነው፤ እነዚህን ሰውነታችን ያውቃቸዋል። ስታርቹ ወደ ግሉኮስ ይሰባበራል፣ ፕሮቲኑም ይፈጫል፤ ሁለቱም በብዛት ትንሹ አንጀት ውስጥ ተመጥጠው ወደ ደም ይገባሉ። የሚያስቸግረው በመጠን ከሁሉ የሚያንሰው ክፍል ነው። እንደ ዝርያው ቢለያይም ምስሩ ውስጥ ሦስት ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ የተለየ ስኳር አለ።

ይህ ስኳር ከምንጠጣው የሻይ ስኳር ጋር ዘመድ ነው። የሻይ ስኳር ከአንድ ግሉኮስና ከአንድ ፍሩክቶስ የተገጣጠመ ነው። ምስሩ፣ ባቄላው፣ አተሩ፣ ሽምብራው ሲያፈሩ በዚህ ስኳር ጫፍ ላይ ጋላክቶዝ የሚባል ሌላ ስኳር ይቀጥሉበታል። አንድ ሲቀጠል ራፊኖዝ፣ ሁለት ሲቀጠሉ ስታኪዮዝ፣ ሦስት ሲቀጠሉ ቨርባስኮዝ ይባላል። ምስር በብዛት የያዘው ስታኪዮዝን ሲሆን ባቄላ ደግሞ ረዘም ያለውን ቨርባስኮዝን ያዘወትራል። ተክሉ ይህን የሚያደርገው ለራሱ ነው። ዘሩ ከእርጥበቱ ተራቁቶ በጎተራ ወራት ሲቀመጥ ሕዋሶቹ እንዳይሰነጣጠቁ እነዚህ ስኳሮች ይጠብቁታል፤ ዝናብ አግኝቶ ሲበቅል ደግሞ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የመጀመሪያ ስንቁ ይሆኑታል።

እኛ ጋ ሲደርሱ ግን የሚፈታቸው የለም። የትንሹ አንጀት ግድግዳ የሻይ ስኳርን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው፤ ከስታርች የሚገኘውን ማልቶዝ የሚቆርጥም አለው፤ ብዙ ሰው በልጅነቱ የወተትን ስኳር የሚቆርጥም አለው። ጋላክቶዙ የተያያዘበትን ማሰሪያ የሚቆርጠው አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ እሱ ደግሞ በማንም ሰው አንጀት አይመረትም። እዚህ ላይ ከወተት ይለያል። ወተት ለአንዱ ተስማምቶ ሌላውን የሚያውከው አንዱ ኢንዛይሙ ስላለው ሌላው ስለሌለው ነው። በባቄላ ጉዳይ ግን ሕፃንም ሽማግሌም፣ ጤነኛም ሕመምተኛም እኩል ባዶ እጁን ነው። ስኳሩ ሳይቆረጥ በአንጀት ግድግዳ እንዳያልፍ ግዙፍ ነው፤ ስለዚህ ውኃ እየሳበ ዝም ብሎ ወደፊት ይሄዳል።

ጉዞው ጊዜ ይወስዳል። ወጡ ከጨጓራ ጥቂት በጥቂት እየወጣ ትንሹን አንጀት እስኪያቋርጥ የፊተኛው ጫፍ ትልቁ አንጀት የሚደርሰው አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ዋናው ክፍል ደግሞ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ስለዚህ ሆድ የሚነፋው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከሥራ መልስ ታክሲ ውስጥ፣ ወይም ራት ላይ ነው። ራት የበላ ሰው ገና ከማዕድ ሳይነሣ ሆዱ ቢያጉረመርም ጥፋቱን ራቱ ላይ መደፍደፉ የተለመደ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ ምግብ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት ቦታ ለመልቀቅ ይንቀሳቀሳል፤ የሚገፋው ጋዝም ከምሳው የተሠራው ነው። «ሰላጣ እንኳ ይነፋኛል» ከሚሉት ሰዎች ውስጥ ስንቱ ያለጥፋቱ ሰላጣን እንደሚከስ ማን ያውቃል።

ትልቁ አንጀት ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፤ ሕይወት ግን ሞልቷል። በአንድ ግራም ይዘቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በመቶ ቢሊዮን ይቆጠራሉ። ከነሱ ብዙዎቹ እኛ ያጣነው አልፋ ጋላክቶሲዴዝ አላቸው። ስታኪዮዙ ሲደርስ ጋላክቶዞቹን አንድ በአንድ ይነቅሏቸዋል፣ ከዚያም ያብላሏቸዋል። በአብሲት የተነሣ የጤፍ ሊጥ ላይ ዓይን ዓይን የሚሠራውን አረፋ ያየ ሰው የጋዙን አመጣጥ በግማሽ ተረድቷል፤ ስኳር፣ ሙቀትና ረቂቅ ነፍሳት ባሉበት ጋዝ ይኖራል። ልዩነቱ ሊጡ ቡሃቃ ውስጥ ሆኖ ጋዙን ለአየር መስጠቱ ነው፤ አንጀት ግን ዝግ ነው።

ባክቴሪያዎቹ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለኑሯቸው ነው። ሰውነታችን ስኳርን የሚያቃጥለው በኦክስጅን ነው። እነሱ ኦክስጅን ስለሌላቸው ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ማቃጠል አይችሉም፤ ከፊሉን ጉልበት ወስደው የቀረውን ይጥሉታል። ከሚጥሉት ውስጥ አንዱ ሃይድሮጅን ነው፤ ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አጫጭር የስብ አሲዶች የሚባሉት ሲሆኑ ዋናዎቹ አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቢውቲሬት ናቸው። እነዚህ አሲዶች አይባክኑም። አብዛኞቹ በትልቁ አንጀት ግድግዳ ተመጥጠው ጉልበት ይሆኑናል፤ ቢውቲሬት ደግሞ የዚያው ግድግዳ ሕዋሶች ዋና ቀለብ ነው። ባቄላ ለአንጀት ደግ ነው ሲባል የሚወራው በአመዛኙ ስለዚህ ነው፤ ጋዙንና ቀለቡን የሚያወጣው ደግሞ ያው አንድ ሥራ ነው። አንዱን ብቻ መርጦ መውሰድ ከባድ ነው፤ በኋላ እንደምናየው ግን ጨርሶ የማይቻል አይደለም።

የተሠራው ጋዝ ሁሉ ወደ ውጭ አይወጣም። ከፊሉ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባና ሳንባ ደርሶ በትንፋሽ ይወጣል። የሰው ሕዋስ ሃይድሮጅን አይሠራም፤ ስለዚህ በትንፋሽ ውስጥ የተገኘ ሃይድሮጅን የባክቴሪያ ሥራ ምስክር ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የትንፋሽ ምርመራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ታካሚው ሌሊቱን ጾሞ ያድርና ጠዋት በመሣሪያው ይተነፍሳል፤ የሚመረመረውን ስኳር ይጠጣል፤ ከዚያ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው እንደገና ይተነፍሳል። በባቄላ ሲሞከር መስመሩ ለሰዓታት ዝቅ ብሎ ይጓዝና ምግቡ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል። በምሳና በማታው ንፋት መካከል ያለው ርቀት ወረቀቱ ላይ ተሥሎ ይታያል። መስመሩ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ከዘለለ ግን ሌላ ነገር ይጠረጠራል፤ ባክቴሪያዎች መኖር በማይገባቸው ቦታ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ በዝተው ሊሆን ይችላል።

የቀረውን ጋዝ ደግሞ ሌሎች ረቂቅ ነፍሳት ይበሉታል። ከእነሱ ዝነኛው ሜታኖብሬቪባክተር ስሚቲ ይባላል። አራት ሃይድሮጅንና አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ አንድ ሜቴንና ጥቂት ውኃ ያደርጋቸዋል፤ አምስት እጅ የነበረው ጋዝ አንድ እጅ ሆነ ማለት ነው። ይህ ነዋሪ በሁሉም ሰው አንጀት በበቂ ቁጥር አይገኝም። አንድ ዓይነት ወጥ ከአንድ ትሪ የበሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲነፋ ሌላው ምንም የማይሰማው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው። ሜቴን ሠሪው ግን ፍጹም ባለውለታ አይደለም፤ በብዛት ሲሠራ ከሆድ ድርቀት ጋር ተያይዞ ይገኛል።

ለመሆኑ ስንት ነው የሚወጣው? ይህን ለመለካት የደፈሩ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ተመራማሪዎች አሥር ጤነኛ ፈቃደኞችን የወትሮ ምግባቸውን እንዲበሉና በላዩ በቀን 200 ግራም የታሸገ የቦሎቄ ወጥ እንዲጨምሩ አደረጉ፤ በመቀመጫቸው በገባ ቀጭን ቱቦም የ24 ሰዓት ፈሳቸውን ሰበሰቡ። ውጤቱ በ1991 ታትሟል። ትንሹ 476 ሚሊ ሊትር፣ ትልቁ 1491 ሚሊ ሊትር ሲሆን የመካከለኛው ሰው 705 ሚሊ ሊትር ነበር። ወንድና ሴት በመጠን አልተለያዩም፤ እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ለዘመናት ሲወራ የኖረው ወሬ ማስረጃ አጣ። ፋይበር የሌለው ምግብ ሲሰጣቸው ደግሞ መጠኑ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ወረደ። ይህ 200 ከምግብ ጋር የምንውጠውን አየርና ከደም ወደ አንጀት የሚገባውን ጋዝ ይጨምራል፤ ስለዚህ ባቄላን ከዓለም ብናጠፋም እሱ አይጠፋም።

ሽታው ሌላ ታሪክ አለው። ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሜቴን፣ ናይትሮጅን ሁሉም ሽታ የላቸውም፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ እጅ እነዚህ ናቸው። የሚሸተው ከመቶ አንድ የማይሞላው የድኝ ጋዝ ነው። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ በሚካኤል ሌቪት የተመራ ቡድን በ1998 ባወጣው ጥናት ቦሎቄ ከበሉ ሰዎች የተሰበሰበ ጋዝ ለአሽታቾች ቀርቦ ነበር፤ የሽታው ብርታት በዋነኝነት የተከተለው የሃይድሮጅን ሰልፋይድን መጠን ሆኖ ተገኘ፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው። ለዚህ ድኝ የሚያቀብሉት እንደ ሥጋና እንቁላል ያሉ ምግቦች፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ናቸው። ብዙ ጊዜ ብዛቱ የጥራጥሬው ሲሆን ሽታው የሌላ ሰው ጥፋት ነው።

ሽንኩርት ከተነሣ አይቀር፣ ወጣችን ላይ የሚቀርበው ክስ በትክክል አልተጻፈም ብዬ አምናለሁ። አንድ ድስት ምስር ወጥ ስንሠራ ከምስሩ የማያንስ ቀይ ሽንኩርት እናቁላላለን፤ ነጭ ሽንኩርት እንጨምራለን። ሁለቱም ፍሩክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አላቸው፤ ይህንንም የሚቆርጥ ኢንዛይም ለሰው አልተሰጠውም። ማቁላላቱ ሽንኩርቱን ያጣፍጠዋል እንጂ ሰንሰለቱን አሟጥጦ አያጠፋውም። እንግዲህ ማታ የሚነፋን ምስሩ ብቻ ሳይሆን ምስሩ፣ ሽንኩርቱና ሳይፈጭ ያመለጠው ስታርች በአንድነት ናቸው። ስታኪዮዙ ተወግዶለት የተሰጠ ጥራጥሬም ቢሆን ጋዝ ማምጣቱን ጨርሶ አይተውም።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለመለየት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል፤ እነዚህ ስኳሮች እሳት ይችላሉ፣ በውኃ ግን ይሟሟሉ። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ማብሰል ብቻውን ብዙ አያደርግላቸውም። ምስሩ ተቀቅሎ የተቀቀለበት ውኃ ወጡ ውስጥ ከቀረ ስኳሩም አብሮ ቀርቷል። ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ በአዲስ ውኃ መቀቀል፣ የመጀመሪያውንም መቀቀያ ውኃ መድፋት ግን እንደ እህሉ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን ይዞ ይሄዳል። ለባቄላና ለቦሎቄ ይህ የሚያዋጣ ነው። ዋጋው ደግሞ ከስኳሩ ጋር ፎሌትን የመሰሉ ቫይታሚኖችና ፖታሲየም መውጣታቸው ነው። ቶሎ እንዲበስል ብለው ሶዳ የሚጨምሩም አሉ፤ ማለስለሱን ያለሰልሳል፣ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያጠፋ በጾም ወራት የሚመከር አይመስለኝም።

መከካትም እንደሚታሰበው አይረዳም። ገለባው ሲወልቅ የሚቀንሰው ፋይበር ነው፤ ስታኪዮዙና ቨርባስኮዙ በብዛት ያሉት በውስጠኛው ፍሬ ነው። ክክ ወጥ ለሆድ ቀለል የሚለው ቶሎ ስለሚበስልና ፋይበሩ ስለቀነሰ ነው፤ ስኳሩ ግን ከነማዕረጉ አለ። ሽሮም እንደ አሠራሩ ነው። አተሩ ወይም ሽምብራው በደረቁ ታምሶ ከተፈጨ ምንም ውኃ ስላልተደፋ ስኳሩ ዱቄቱ ውስጥ ነው፤ ተዘፍዝፎ ወይም ገንፈል ተደርጎ ውኃው ከተደፋ በኋላ ደርቆ ከታመሰ ግን የተወሰነው ሄዷል። የሁለት እናቶች ሽሮ በአንድ ሰው ሆድ የተለያየ ስሜት ቢፈጥር ሰውየው አጋኖ ላይሆን ይችላል። ሽሮው ውስጥ የሚገባው ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድና ዝንጅብል ጣዕም ይሰጣሉ፣ ሆድ የሚያረጋጉለትም ሰው አለ፤ የጋላክቶዙን ማሰሪያ ግን አይፈቱትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ እናቶቻችን ድሮም የሚያውቁት በቆልት ነው። ባቄላው ተለቅሞ ይዘፈዘፋል፤ ሲያድር ውኃው ተጠልሎ እርጥብ ጨርቅ ወይም ቅጠል ይለብስና ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነጭ ጭራ ያወጣል፤ ከዚያ ይቀቀላል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚሆነው ነገር ያስገርማል። ዘሩ ውኃ አግኝቶ ሲነቃ ስንቁን መፍታት አለበት፤ ለዚህም እኛ የጎደለንን ያንኑ አልፋ ጋላክቶሲዴዝ በራሱ ይሠራል። ጭራው ጥፍር በሚያህልበት ጊዜ አብዛኛው ራፊኖዝና ስታኪዮዝ በዘሩ ተበልቶ አልቋል። ያ የተረፈው ስታርችና ፋይበር አሁንም ጥቂት ጋዝ ያመጣል፤ ዋናው ሸክም ግን አንጀት ሳይደርስ ጨርቁ ውስጥ ቀርቷል። አሹቅ ለዚህ ቦታ አይተካም፤ ባቄላው መጀመሪያ ስለሚታመስ ዘሩ ሞቷል፣ መዘፍዘፉ የሚያጥበውን ያህል ብቻ ያጥባል። ስልጆ ላይ ደግሞ የባቄላው ዱቄት ተበጥብጦ ለቀናት ሲብላላ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ሊሠራ የነበረው ሥራ ከፊሉ እንስራው ውስጥ ይሠራል።

ወደ ዘወረደ ሳምንት እንመለስና፣ ንፋቱ በጾሙ መጀመሪያ በርትቶ ሳምንታት ሲያልፉ ለምን ይለዝባል? በአሜሪካ ዶና ዊንሃምና አንድሪያ ሃቺንስ በ2011 ባሳተሙት ሥራ ሰዎች በየቀኑ ግማሽ ኩባያ ጥራጥሬ ለሳምንታት እየበሉ ስሜታቸውን እንዲናገሩ ተደርጎ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጋዝ ጨመረብን ያሉት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ቁጥራቸው ቀነሰ፤ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባመዛኙ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ። ጥናቱ ስሜትን ጠየቀ እንጂ ጋዝ አልሰፈረም፤ ስለዚህ ከፊሉ መልመድ ሊሆን ይችላል። ከፊሉ ግን ከባክቴሪያዎቹ የሕዝብ ለውጥ ጋር ይስማማል። ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት ስታኪዮዝን ይወዳሉ፣ ሲያብላሉትም አሲቴትና ላክቲክ አሲድ እንጂ ጋዝ አይሠሩም። ጋዙን በብዛት የሚሠሩት እንደ ክሎስትሪዲየም ያሉት ናቸው። ስኳሩ በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲመጣ ቢፊዶባክቴሪያዎቹ ይበዛሉ፤ ያው ሦስት ግራም ስኳር ቀለቡን ሰጥቶ ያነሰ ጋዝ ያወጣል። ቀደም ብዬ ጨርሶ የማይቻል አይደለም ያልኩት ይህን ነው።

እንደኔ ግምት ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ዘወረደ የሚከብደው ከሌላው ያነሰ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ከጥራጥሬ አልተለዩም። ሁለት ወር ሥጋና ወተት ላይ ቆይቶ ሰኞ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ጥራጥሬ የሚበላ ሰው ግን ስኳሩን ለጋዝ ሠሪዎቹ ያስረክባል። ከቅበላ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በቀን አንድ ጭልፋ ሽሮ ወይም ምስር ጣል ማድረግ ከማንኛውም ኪኒን በፊት የሚሞከር ነገር ነው።

ኪኒንም አለ። ከአስፐርጂለስ ኒጀር ሻጋታ የሚወጣው አልፋ ጋላክቶሲዴዝ ተጨምቆ ይሸጣል፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ቢኖ በሚል ስም በየፋርማሲው ያገኙታል። የሚሠራው ስኳሩ ገና ትንሹ አንጀት ሳይጨርስ ሲያገኘው ስለሆነ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር መወሰድ አለበት፤ ማታ ከነፋ በኋላ የዋጠው ሰው ገንዘቡን ጥሏል። ኢንዛይሙ የሚፈታው የጋላክቶዙን ማሰሪያ ብቻ ነው፤ ለሽንኩርቱ ፍሩክታንና ለወተት ስኳር አይረዳም። የሚፈታው ጋላክቶዝ ወደ ደም ስለሚገባ ጋላክቶሲሚያ የተባለ የትውልድ ሕመም ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ጋዙ ሳይበዛ የሚያሠቃየው አለ። በስፔን ባርሴሎና ፈርናንዶ አስፒሮስና ባልደረቦቹ በቱቦ በደቂቃ 12 ሚሊ ሊትር ጋዝ ወደ ትንሹ አንጀት እየለቀቁ ሞክረው ነበር። ጤነኞቹ አብዛኞቹ የገባውን ያህል አስወጥተው ብዙም ሳይሰማቸው ዋሉ፤ አንጀታቸው የሚረበሽ ሕመምተኞች ግን ብዙዎቹ ያው መጠን እያመማቸው፣ ጋዙም እየቀረባቸው ተቸገሩ። ለእነዚህ ሰዎች ባቄላው ምስክር እንጂ ወንጀለኛ አይደለም፤ ችግሩ አንጀቱ ጋዝን የሚያሳልፍበትና የሚሰማበት መንገድ ላይ ነው። ንፋቱ ከክብደት መቀነስ፣ ከደም መታየት፣ ሌሊት ከሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ከማያባራ ትውከት ጋር ከመጣ ደግሞ ጥራጥሬ ጠርጥሮ መቀመጥ አይገባም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ጤነኛ ሰው ግን ምስሩ ይሁን ሽንኩርቱ የሚነፋው ራሱ መለየት ይችላል። ከጥቂት ቀን ጥራጥሬ ያልበዛበት ምግብ በኋላ አንድ ቀን ምስሩን ያለ ሽንኩርትና ያለ ነጭ ሽንኩርት በዘይት፣ በበርበሬና በጨው ብቻ ሠርቶ በሰባት ሰዓት መብላት፤ ሁለት ሦስት ቀን አሳልፎ በተለመደው ሽንኩርት የተሠራውን ያንኑ ያህል መብላት። የሚታየው ሰዓት ከአሥር እስከ ሁለት ነው፤ ከዚያ በፊት የመጣ ንፋት ከቁርሱ ወይም ከትናንት ስለሆነ አይቆጠርም። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያሳስት ሁለት ሦስት ጊዜ መደገሙ ይሻላል። ሁለቱም ቀን ሆዱ እኩል ከነፋ ምስሩን ዘፍዝፎ ውኃውን ይድፋ፤ ያለ ሽንኩርት የተሠራው ቀን ከቀለለው ግን ምስሩን ትቶ የሚከተፈውን ሽንኩርት ይቀንስ።